«ጊዜው ያለፈበት» እና «ሽፍታ ያወጣብኝ»፦ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ያሉ ሁለት አቤቱታዎች

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችው የገዛችው የፊት ክሬም ሽፍታ ካወጣባት በኋላ ቲዩቡን ገልብጣ ስታይ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው እሷ ከመግዛቷ በፊት አልፎ እንደነበር ያወቀች ሴት ናት። የሸማቾችን የአቤቱታ ደብዳቤ ማንበብና ማረም ሥራዬ ስለሆነ ለባለሱቁ ከመላኳ በፊት ረቂቁን ሰጠችኝ። የእሷንም ሆነ የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ የጻፈችውን ግን ለእናንተ እንዳነብ ፈቅዳልኛለች።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ጊዜው ያለፈበት መርዝ ሸጣችሁልኝ ፊቴን አበላሻችሁት። ለትርፍ ብላችሁ በሰው ጤና ትጫወታላችሁ። ገንዘቤንና የታከምኩበትን በአስቸኳይ ካልመለሳችሁ ለሚመለከተው አካል ሁሉ አሳውቃለሁ።»

ይህን የጻፈችው ፊቷ ገና እያሳከካት ሳለ ነበር፤ ቁጣዋም ተገቢ ነው። ነገር ግን እስቲ ባለሱቁን ሆነን እናንብበው። የትኛው ክሬም እንደሆነ አልተጻፈም። መቼ እንደተገዛ አልተገለጸም። በቲዩቡ ላይ የታተመው ቀን ስንት እንደሆነ የለም። ባለሱቁ በእጁ የሚይዘው አንድም የሚጣራ ነገር ሳይሰጠው «መርዝ» እና «ለትርፍ ብላችሁ» የሚሉ ቃላት ብቻ ተሰጥተውታል፤ ስለዚህ የሚመልሰው ለእነዚህ ቃላት ነው። «እኛ መርዝ አንሸጥም፤ የእርስዎ ቆዳ ስስ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጽፍና ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል።

ከቃላቱ የባሰው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ጸሐፊዋ ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎችን አንድ አድርጋ አስራቸዋለች። አንደኛው፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያበቃ ዕቃ ተሸጦልኛል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ክሬሙ ሽፍታ አወጣብኝ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ለማረጋገጥ ሐኪም አያስፈልግም፤ ቲዩቡና ደረሰኙ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ያልቃል። ሁለተኛው ግን የሰዓት ቅደም ተከተልና የሐኪም ቃል ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ቀርቦም እንኳ የሚያከራክር ነገር አያጣም። ሁለቱን «ጊዜው ስላለፈበት ሽፍታ አወጣብኝ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስር ሰው፣ የማያከራክረውን አቤቱታ በሚያከራክረው ላይ ሰቅሎታል። ባለሱቁ «ሽፍታው በሌላ ምክንያት የመጣ ነው» ብሎ ጥርጣሬ ባነሳ ጊዜ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ የመሸጡ ጉዳይም አብሮ ይረሳል።

እዚህ ላይ ስለ ቆዳው ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ደብዳቤው ውስጥ ምን መጻፍ እንዳለበትና ምን መቅረት እንዳለበት የሚወስነው ይህ ነው።

ክሬም ቆዳን በሁለት መንገድ ሊጎዳ ይችላል። አንዱ ቆዳን በቀጥታ ማስቆጣት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀባ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጀምር ሲሆን ከማሳከክ ይልቅ ማቃጠልና መለብለብ ያመዝንበታል፤ ክሬሙ ከነካው ቦታም ብዙ አይርቅም። ሌላው አለርጂ ነው። በክሬም ንክኪ የሚመጣው አለርጂ ዘግይቶ የሚነሣ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀባ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፣ ክፉኛ ያሳክካል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ሊያወጣ ይችላል፣ ክሬሙ ወዳልነካው ቦታም ሊዛመት ይችላል። በተለይ የዓይን ቆብ ቆዳ ስስ ስለሆነ ያብጣል። የቆዳ ሐኪሞች አለርጂውን ያመጣውን ንጥረ ነገር ለመለየት የሚጠረጠሩትን ነገሮች በትናንሽ ፕላስተሮች ጀርባ ላይ ለጥፈው 48 ሰዓት የሚያቆዩትና ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት ደግመው የሚያዩት ለዚህ ነው፤ ምላሹ የሚዘገይ በመሆኑ።

ከዚህ ሁሉ ለደብዳቤያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። ፍጹም አዲስ የሆነ ክሬምም አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። ሽቶውና ክሬሙ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ፕሪዘርቫቲቭ ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጊዜው ባላለፈበት ቲዩብ ውስጥም አሉ። ስለዚህ «ሽፍታው የመጣው ጊዜው ስላለፈበት ነው» ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ ጸሐፊዋ ልታረጋግጠው የማትችለው ነገር ነው።

ታዲያ የጊዜው ማለፍ ለቆዳው ምንም ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። ጊዜ ሲያልፍ ፕሪዘርቫቲቩ ኃይሉ ይቀንሳል፣ በክሬሙ ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ሊራቡ ይችላሉ። ውሃውና ዘይቱ ይለያያሉ፤ ቲዩቡን ስትጫኑት መጀመሪያ ውሃ መሰል ነገር ጠብ ካለና ክሬሙ ቆይቶ ከተከተለ ይህ ሆኗል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የሽቶው ነገር ነው። ሊሞኒን እና ሊናሎል የሚባሉት በብዙ መዋቢያዎች ውስጥ የሚገኙ የሽቶ ንጥረ ነገሮች አዲስ ሳሉ አለርጂ የማስነሣት ኃይላቸው ደካማ ነው፤ ከአየር ጋር ቆይተው ኦክሲጅን ሲያገኛቸው ግን ወደ ጠንካራ አለርጂ አስነሽነት ይለወጣሉ። እንግዲህ የክሬሙ ማርጀት ለሽፍታው አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። «ሊኖረው ይችላል» የሚለውን ቃል ደግሞ እንዳለ በደብዳቤው ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እውነት ነውና ማንም አይነቅለውም።

ወደ ቲዩቡ እንመለስ። ጸሐፊዋን «ቀኑን የት አየሽው?» ብዬ ስጠይቃት ቲዩቡን አውጥታ አሳየችኝ። ቀኑ በቀለም አልተጻፈም፤ የቲዩቡ ጫፍ ተጣብቆ በተዘጋበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተጨፍልቆ የታተመ ነው። ፊት ለፊት ሲያዩት ምንም አይነበብም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ጎኑን ወደ ብርሃኑ ስታዘነብለው ቁጥሮቹ ጥላ ጥለው ብቅ አሉ፦ ላይኛው መስመር የምርት መለያ ቁጥር፣ ታችኛው መስመር 02/2024። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ማንም ይህን እንደማያይ ያን ጊዜ ገባኝ። ለዚህም ነው «ሳታዪ ለምን ገዛሽ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የምቆጣው።

እንዲህ ያለ ቀን በወርና በዓመት ብቻ ሲጻፍ በተለምዶ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ ይህ ክሬም እ.ኤ.አ. እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ድረስ ደህና ነበር። ነገር ግን በቲዩብ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ የማብቂያ ቀን አይደለም። የተመረተበት ቀን ሊሆን ይችላል። ክዳኑ የተከፈተ የክሬም ዕቃ የሚያሳይ ትንሽ ምስል ከ12 ወይም ከ6 ቁጥር ጋር ካያችሁ፣ ያ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ነው የሚናገረው፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስላሳለፈው ዕድሜ አይናገርም። እንዲያውም በአውሮፓ ኅብረት የመዋቢያ ምርቶች ደንብ መሠረት ከ30 ወር በላይ ሳይበላሽ የሚቆይ ምርት የማብቂያ ቀን እንዲጻፍበት አይገደድም፤ የሚጻፍበት የተከፈተው ዕቃ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው የተመረተበትን ቀን የማብቂያ ቀን መስሎት በጣም ጠንካራ ደብዳቤ ጽፎ ባለሱቁ በአንድ መስመር መልሶለታል። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ቃል ሳታነቡ፣ ቀንና ወር ሊለዋወጡ የሚችሉበት አጻጻፍ ከሆነም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትጻፉ። በቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት ካገኛችሁ ደግሞ አትላጡት፤ እንዳለ ፎቶ አንሡት። የተለጠፈው ወረቀት ራሱ ማስረጃ ነው።

ጸሐፊዋ ደረሰኙን ይዛ ነበር፤ የክሬሙ ስምና የተሸጠበት ቀን በግልጽ ተጽፎበታል። ይህ ባይኖር ኖሮ ባለሱቁ ሁለት ነገር ሊል ይችል ነበር፦ «ከእኛ አልገዙም» ወይም «ጊዜው ሳያልፍ ገዝተው ቤትዎ አቆይተውታል»። ሁለተኛው በጣም የሚከብድ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ቲዩቡ ብቻውን መቼ እንደተሸጠ አይናገርም። ደረሰኝ ለጠፋበት ሰው የባንክ ክፍያ መልእክት ቀኑን ያሳያል፤ የዕቃውን ስም ስለማያሳይ ግን ግማሽ ማስረጃ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ሱቁ ተመልሶ ያው የምርት መለያ ቁጥር ያለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ አሁንም መኖሩን ማየት ሌላውን ግማሽ ሊሞላው ይችላል።

ሽፍታውን በተመለከተ ቀናቱን አብረን ቆጠርን። ቅዳሜ ገዛች፣ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀባች፣ ሰኞ ማታ ደገመች፣ ማክሰኞ ጠዋት አገጯንና አንገቷን እያሳከካት ነቃች። ከመጀመሪያው ቅባት ከ30 ሰዓት በላይ አልፏል፤ ይህ ከአለርጂው የጊዜ አካሄድ ጋር ይስማማል። ከዚህ በኋላ ግን ትንሽ አቅማምታ አንድ ነገር ነገረችኝ፦ ከዚህ በፊት የዚሁ ክሬም አንድ ቲዩብ ያለ ምንም ችግር ተጠቅማ ጨርሳለች። ረቂቁ ውስጥ ያላስገባችው «ይጎዳኛል» ብላ ነው። እኔ ደግሞ አስገቢው አልኳት። አለርጂ ለወራት ከተጠቀሙበት ነገርም ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ታሪክ አቤቱታዋን አያፈርሰውም። ከዚያም በላይ፣ ባለሱቁ በኋላ ከሌላ ሰው ሰምቶ «ለምን ደበቁ?» ከሚላት ራሷ ብትናገረው የቀረው ቃሏ ሁሉ ይታመናል።

ሁለተኛውን ረቂቅ እንደገና ስትጽፈው እንዲህ ሆነ፤ ስሞቹን ብቻ አውጥቼ አነብላችኋለሁ።

«ቀን፦ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2024

ለሱቁ ባለቤት

ጉዳዩ፦ የመጠቀሚያ ጊዜው ካለፈ በኋላ የተሸጠልኝንና ሽፍታ ያወጣብኝን የፊት ክሬም ይመለከታል

ሜይ 11 ቀን 2024 ከሱቅዎ አንድ ባለ 75 ሚሊ ሊትር የፊት ክሬም ገዝቻለሁ። የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። በቲዩቡ ጫፍ ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ 02/2024 ነው። ይህም ማለት ክሬሙ በተሸጠልኝ ቀን ጊዜው ካበቃ 72 ቀን ሆኖት ነበር። የቀኑና የምርት መለያ ቁጥሩ ፎቶግራፍ ተያይዟል። በዚህ ምክንያት ብቻ፣ ከዚህ ቀጥሎ ከምገልጸው የጤና ጉዳይ ተለይቶ፣ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ክሬሙን ሜይ 12 እና 13 ማታ ማታ ፊቴንና አንገቴን ተቀብቻለሁ። ሜይ 14 ጠዋት አገጬና አንገቴ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልተቀባሁትም። በማግስቱ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ታዩ፣ የዓይኔ ቆብም አበጠ። ሜይ 16 ሐኪም አይቶኝ በንክኪ የመጣ የቆዳ ቁጣ መሆኑን ጽፎ የሚቀባ መድኃኒት አዝዞልኛል። በእነዚያ ቀናት ሌላ አዲስ የፊት ቅባት፣ ሳሙና ወይም ሽቶ አልተጠቀምኩም። ከዚህ በፊት የዚሁኑ ክሬም ሌላ ቲዩብ ያለ ችግር ተጠቅሜያለሁ። የሽፍታው ምክንያት የክሬሙ ማርጀት ነው ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ አስተዋጽኦ ሊኖረው እንደሚችል ግን አምናለሁ። የሐኪሙ ማስረጃ፣ የሕክምናና የመድኃኒት ደረሰኞች እንዲሁም በሦስት የተለያዩ ቀናት የተነሡ ፎቶግራፎች ተያይዘዋል። የሕክምና ወጪዬን እንዲተኩልኝ እጠይቃለሁ።

ተመሳሳይ የምርት መለያ ቁጥር ያላቸው ቲዩቦች በሱቅዎ ካሉ ከመደርደሪያ እንዲያነሷቸውና ቁጥሩን ላስረከበዎት አከፋፋይ እንዲያሳውቁ እለምናለሁ። ቲዩቡ ከቀሪው ክሬም ጋር በእኔ ዘንድ ተቀምጧል፤ እርስዎ ወይም የሚወክሉት ሰው በፈለጉት ጊዜ መጥተው ማየት ትችላላችሁ። መልስዎን እስከ ጁን 10 ቀን 2024 በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀመጠው ዋናው ሐረግ «ከጤና ጉዳይ ተለይቶ» የሚለው ነው። ባለሱቁ ሁለተኛውን አንቀጽ እንዳለ ቢክደው እንኳ የመጀመሪያው ሳይነካ ይቆማል። ከዚያ ቀጥሎ የምወደው 72 ቀን የሚለው ቁጥር ነው። «ጊዜው ያለፈበት» የሚለው ቃል በአንድ ቀንም በሁለት ዓመትም ያስኬዳል፤ ቀኑን ቆጥሮ የጻፈ ሰው ግን አንባቢውን ራሱ ቆጥሮ እንዲያረጋግጥ ይጋብዘዋል፣ ቆጥሮ ያረጋገጠ ደግሞ መካድ ይከብደዋል።

«ሆን ብለው» የሚል ቃል በደብዳቤው የለም። ባለሱቁ አውቆ ሸጦት ይሁን ሳያየው ቀርቶ ጸሐፊዋ አታውቅም፤ ገንዘቧን ለማስመለስም ማወቅ አያስፈልጋትም። የማታውቀውን ሐሳብ ለሰው ሰጥታ ብትጽፍ ክርክሩ ወደ ባለሱቁ ጠባይ ይዞር ነበር። ማስፈራሪያውም ወጥቷል፤ በቦታው የገባው የመልስ ቀን ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ወዴት እንደምትሄድ በሁለተኛ ደብዳቤ ትገልጻለች፤ ያኔ ዛቻ መሆኑ ቀርቶ የተፈጸመ ነገር ማሳወቂያ ይሆናል።

ስለ ቲዩቡ አንድ ነገር አበክሬ ልናገር። ባለሱቁ «አምጡትና እንየው» ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቲዩቡ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ ማስረጃው ሁሉ ወጣ ማለት ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤው «መጥተው ማየት ትችላላችሁ» የሚለው። የግድ መስጠት ካለባችሁ የምርት መለያ ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ የተጻፈበት፣ ተቀባዩ የፈረመበት ወረቀት ተቀበሉ። እስከዚያው ክዳኑን ዘግታችሁ በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ሙቀትና ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ ሙቀት ክሬሙን የበለጠ ስለሚለውጠው በኋላ «የተበላሸው እናንተ ቤት ነው» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። «እስቲ እውነት እሱ መሆኑን ልይ» ብላችሁ ደግሞ እንዳትቀቡት። አንድ ጊዜ አለርጂው የተነሣበት ቆዳ በሁለተኛው ጊዜ ፈጥኖና በርትቶ ሊነሣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሙከራ የሐኪም ሥራ ነው።

ፎቶዎቹን በሚመለከት ጸሐፊዋ ያነሣቻቸው የመጀመሪያዎቹ ማታ በአምፖል ብርሃን የተነሡ ስለነበሩ ፊቷ ሁሉ ቀልቶ ሽፍታው ከቀረው ቆዳ አይለይም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ከአንድ ቦታና ከአንድ ርቀት፣ አገጯ ሥር ማስመሪያ ይዛ አነሣች። ለደብዳቤው የተያያዙት እነዚህ ናቸው፤ ሽፍታው ሲሰፋና ሲቀንስ በማስመሪያው ላይ ይቆጠራል።

ደብዳቤውን በእጇ ወስዳ በሁለት ቅጂ አቀረበች፤ አንዱን ሰጥታ በሌላው ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ፈረመላት። መልሱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ባለሱቁ የክሬሙን ዋጋ መለሰ፣ ከመደርደሪያው ላይ ያው ቁጥር ያላቸውን አራት ቲዩቦች ማንሣቱን ጻፈ፣ ቁጥሩንም ለአከፋፋዩ ማሳወቁን ገለጸ። የሕክምናውን ወጪ ግን «ሽፍታው በክሬሙ ማርጀት የመጣ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም» ብሎ አልተቀበለም። ሁለቱ አቤቱታዎች ተለያይተው ባይጻፉ ኖሮ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ይዘጋው ነበር።

አሁን የቀረው የሕክምናው ወጪ ነው። ሐኪሟ በፕላስተር የሚደረገውን ምርመራ ቆዳዋ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ሊያደርግላት ቀጠሮ ሰጥቷታል፤ ያን ጊዜ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ይታወቅ ይሆናል። ሁለተኛውን ደብዳቤ ለአምራቹ ልትጽፍ ነው፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ወጥቶ የባለሱቁ መልስ ይያያዝበታል፣ የተቀረው እንዳለ ይቆያል። ቲዩቡ አሁንም በከረጢቱ ውስጥ ነው።